ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ቲ4 መደበኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?

«የአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። አሉታዊ ግብረ መልስ የታይሮይድ ሆርሞንን አረጋግቶ የሚይዝ ከሆነ፣ ቲኤስኤች 9 ሆኖ ቲ4 መደበኛ የሆነ ውጤት እንዴት ይገኛል? አንዱ ስህተት አይደለም?»

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህ ውጤት የግብረ መልሱ ዑደት በሥራ ላይ መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ሃይፖታላመስ በቲአርኤች አማካይነት ፒቱታሪን ያነቃቃል፣ ፒቱታሪ በቲኤስኤች ታይሮይድን ያሠራል፤ ታይሮይድም በአብዛኛው ቲ4፣ በጥቂቱ ቲ3 ያመነጫል። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚያልፉት የመልሱን ጉዞ ነው። ፒቱታሪ ከደም የወሰደውን ቲ4 በራሱ ሕዋሳት ውስጥ፣ ዲአዮዲኔዝ በተባለ ኢንዛይም ወደ ቲ3 ይለውጠዋል። ይህ ቲ3 ከተቀባዩ ጋር ተጣምሮ ቲኤስኤች የሚሠራበትን ጂን ይገታል፤ በሃይፖታላመስም ቲአርኤችን ይቀንሳል። ቲ4 ሲያንስ ልጓሙ ይላላል፤ ቲኤስኤችም ይጨምራል።

አንዲት ሴት እናስብ። ጤነኛ ሳለች ነፃ ቲ4ዋ 16፣ ቲኤስኤቿ 1.5 ነበር፤ የላቦራቶሪው መደበኛ የቲ4 ወሰን ከ10 እስከ 20 ነው። የሃሺሞቶ በሽታ ታይሮይዷን ማጥቃት ጀመረና ቲ4ዋ ወደ 12 ወረደ። ላቦራቶሪው «መደበኛ» ይላል። የእርሷ ፒቱታሪ ግን የሚያውቀው የራሷን ልክ እንጂ የላቦራቶሪውን ወሰን አይደለም። ምላሹም ተመጣጣኝ አይደለም፤ ትንሽ የቲ4 መቀነስ ቲኤስኤችን ብዙ እጥፍ ያሳድጋል። ስለዚህ 9 ደረሰ። ይህ ግፊት የተረፈውን የዕጢ ክፍል እያሠራ ቲ4ን 12 ላይ ይዞታል።

ታዲያ ለምን ወደ 16 አይመልሰውም? ቢመልሰው ኖሮ ልጓሙ እንደገና ጠብቆ ቲኤስኤች ወደ 1.5 ይወርዳል፤ የታመመው ዕጢም ያለ ግፊት ያን ያህል ማምረት አይችልም። ግፊቱ እንዲቀጥል ጥቂት ጉድለት መቅረት አለበት። ዑደቱ ጉድለቱን ያጠብበዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ሌላው ጊዜ ነው። የቲ4 ግማሽ ዕድሜ 7 ቀን ያህል ስለሆነ፣ ቲ4ን የሚተካው መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ቲኤስኤች የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለክተው «አልወረደም» በማለት መጠኑን የሚጨምሩ ሐኪሞች አጋጥመውኛል። ታካሚው ኋላ ላይ የልብ ምቱ ፈጥኖ፣ ቲኤስኤቹ ከወሰን በታች ወርዶ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፒቱታሪ ጤነኛ ሲሆን ነው። ቲ4 7 ሆኖ ቲኤስኤች 2 ቢሆን፣ ቲኤስኤቹን ብቻ ያየ ሰው ደህና ነው ይላል። ቲ4 እንዲህ ወርዶ ቲኤስኤች ሳይጨምር መቅረቱ ግን ችግሩ ከላይ፣ ከፒቱታሪ ወይም ከሃይፖታላመስ መሆኑን ይጠቁማል። በዚህ ጊዜ ሌቮታይሮክሲን ከመጀመሩ በፊት የአድሬናል ዕጢ ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ይለካል፤ ኮርቲሶል ጎድሎ ሳለ የታይሮይድ ሆርሞን መስጠት ታካሚውን ለከባድ የአድሬናል ቀውስ ሊዳርገው ይችላል።