ሕመም ስለሌለው ደም፤ ለወጣት አዋላጅ ነርሶች የተጻፈ

ሰሞኑን ከእናንተ አንዷ «አደገኛ ምልክቶችን፣ አመጋገብንና የወሊድ ዝግጅትን በአንድ ሰዓት ትምህርት እንዴት አድርጌ ልጨርሳቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ገና ጀማሪ ሳለሁ ያየኋትን አንዲት እናት አስታወሰኝ፤ የእሷ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያን ቀን ትምህርቱን የሰጠችው ልምድ ያላት ባልደረባዬ ነበረች፤ እኔ ካርድ እየሞላሁ እሰማለሁ። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይጀምር የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ እያለች አንድም ሳታስቀር ዘረዘረች፤ ሴቶቹም ተከትለው ደገሙ። ሰባተኛ ወሯን የጨረሰች አንዲት ሴት ሳትሳሳት በቃሏ ስትወጣው ሁላችንም ደስ አለን። ይህችው ሴት ከሳምንታት በኋላ ሌሊት ብዙ ደም እየፈሰሳት መጣች። ስንጠይቃት ከጥቂት ቀናት በፊትም ደም አይታ ነበር፤ ነገር ግን ምንም ስላላመማትና ደሙም በራሱ ስለቆመ «የተነገረን የሚያምመው ነው» ብላ ቤቷ ተቀምጣለች።

የእንግዴ ልጁ የማህፀኗን በር ሸፍኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያው ደም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ይመጣና ይቆማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሊከብድ ይችላል። በተቃራኒው የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ ሆድ ይጠነክራል፣ ያምማል፤ ደሙም ውስጥ ታጉሮ ወደ ውጭ ጥቂት ብቻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የሕመሙም ሆነ የደሙ መጠን ለእናቲቱ መመዘኛ ሊሆናት አይገባም። እናንተም በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ደም ያየችን ሴት በአልትራሳውንድ የእንግዴ ልጁ ያለበት ሳይታወቅ በጣት አትመርምሩ።

ያቺ እናት በቀዶ ሕክምና ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም። የሚሰጣት ደም የተገኘው ቤተሰቦቿ ለጋሽ ፍለጋ ሲሯሯጡ ቆይተው ነበር። የአይረን ክኒኗንም ሰገራዋ ሲጠቁር ደንግጣ አቋርጣው ስለነበር፣ ደሟ መፍሰስ ሳይጀምር ገና ቀድሞ አንሶ ቆይቷል። ባልደረባዬ «አይረን ውሰዱ» ብላ ነበር፤ ሰገራ እንደሚያጠቁርና ይህም እንደማይጎዳ ግን አልተነገረም።

እንግዲህ ለጠያቂዬ የምመልሰው ይህን ነው፤ ሦስቱን ርዕሶች በአንድ ታሪክ ላይ አያይዢያቸው። የእርግዝና ወራቸው የተቀራረበ አሥር ያህል ሴቶችን በክብ አስቀምጪና «ስምንት ወር ሆኖሽ ሌሊት ስትነሺ ልብስሽ ላይ ደም አየሽ፤ ሕመም የለሽም። ምን ታደርጊያለሽ?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ዝም በዪ። አንዷ እስኪነጋ እጠብቃለሁ ትላለች፣ ሌላዋ ባለቤቴን እጠይቃለሁ ትላለች፤ የምታስተምሪው ነገር የሚወጣው ከዚህ መልስ ነው። የዛሬ ወጣቶች ስላይድ ማሳመር ስለምትወዱ ይህ ዝምታ ይከብዳችኋል።

ከደሙ ወደ አመጋገብ መሻገር ቀላል ነው፤ ደም ያነሳት ሴት ጥቂት ሲፈሳትም ትጎዳለችና። የዓለም ጤና ድርጅት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረን ከ0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ይመክራል። እናቶቹ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ክኒኑ ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ሻይና ቡና አይረኑ በሰውነት እንዳይዋሃድ ስለሚያግዱ ማራራቅ እንደሚገባ፣ ካስቸገራቸውም ሳያቋርጡ ሊያማክሩሽ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ጥራጥሬ፣ አረንጓዴ ቅጠልና የተገኘ እንደሆነ ሥጋ ይበሉ ብለሽ እለፊው።

የወሊድ ዝግጅቱንም ወደዚያው ሌሊት መልሺው። በማን መኪና ትሄዳለች? ስልክ ቁጥሩ የት ተጽፏል? ሌላውን ልጅ ማን ይይዛል? ደም የሚሰጥላት ማን ነው? ባሏ ከሌለ «እንሂድ» የሚል ማን ነው? መልሱን እዚያው በካርዷ ጀርባ ጻፊላት። የሚወስነው ሌላ ሰው ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛው ትምጣ፤ ለእሷ ብቻ የተነገረው እዚያ ቤት ላይሰማ ይችላል።

ዝርዝር አታንብቢ ማለቴ ቢሆንም፣ ሙሉው የምልክቶች ዝርዝር በሥዕል ተደርጎ እጃቸው ላይ ይግባ፤ ራስ ምታቱና የዓይን ብዥታው በሌላ ቀን የራሳቸው ታሪክ ይኖራቸዋል። በመጨረሻም «ገባችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም «አዎ» ይላሉ። «ቤት ስትደርሺ ለእህትሽ ይህን እንዴት ትነግሪያታለሽ?» በያት፤ ስትናገር «ካላመመኝ» የሚል ቃል ከገባበት ያንኑ ክፍል እንደገና አስተምሪ። ሰዓቱ ካለቀ የሚቀረው ይቅር፤ ክትትሏን ካላቋረጠች ተመልሳ ትመጣለች።