የድሮ የሠርግ ካሴት ማጽዳት፦ የመጣላችሁን ጠይቁኝ

ጅማ ነኝ፤ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ሥራዬ ነው። አሁን አሁን ግን የወላጆቹን ቪኤችኤስ ይዞ የሚመጣው ሰው በዝቷል። ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ ጥያቄ እቀበላለሁ።

ከቦሳ ኪቶ፦ የወላጆቼን የ1987 ሠርግ ወደ ፍላሽ አስገልብጬ ነበር። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ካሴቱ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። የዚያን ጊዜ ካሜራ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነበር የሚቀርጸው። አንዱ ግማሽ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ መስመሮቹን ይይዛል፤ ቀጣዩ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛውን። የቆመ ሰው ላይ ምንም አይታወቅም። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ግን በዚያች ቅጽበት ቦታ ይቀይራል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ሲያሳይህ ጥርሱ ይወጣል። የምስሉ መጠን ስንት በስንት ነው? 720 በ576 ከሆነ ይስተካከላል።

እሱው፦ 1280 በ720 ይላል። «ኤችዲ አድርገንልሃል» ብለውኝ ነበር።

ጉድ የሠሩህ እዚህ ላይ ነው። 576ቱን መስመር ወደ 720 ሲለጥጡት የሁለቱ ግማሾች መስመሮች ተደበላለቁ። አሁን የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። አቁመህ አጉልተህ እየው፤ ጥርሱ ቀጭንና እኩል ከሆነ አልተነካም፣ ወፍራምና ድብዝዝ ከሆነ ተለጥጧል። ካሴቱ እጅህ ላይ ካለ እንደገና አስገልብጥ። «720 በ576፣ ምንም ሳትነኩ» በላቸው። ከዚያ በኋላ ffmpeg ለተባለው ፕሮግራም ይህን ትእዛዝ ትሰጠዋለህ፦

```
ffmpeg -i serg.avi -vf "bwdif=mode=send_field:parity=tff,hqdn3d=2:4:3:7,scale=768:576,setsar=1" -pix_fmt yuv420p -c:v libx264 -crf 17 -c:a aac serg50.mp4
```

እያንዳንዱ ግማሽ ሙሉ ምስል ሆኖ ይወጣል፤ በሰከንድ 50። 25 ብቻ ካስቀረህ የእስክስታው ግማሽ እንቅስቃሴ ይጠፋል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቆርጠህ ሞክር፣ አንድ አንድ ምስል እያሳለፍክም እይ። እጅ ወደፊት ሄዶ፣ ወደኋላ ተመልሶ፣ እንደገና ወደፊት ከሄደ ተራው ተገልብጧል፤ `tff`ን `bff` አድርገው። በዲቪ ከገለበጡልህ ብዙ ጊዜ `bff` ነው።

ከአጂፕ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ቪኤልሲ ላይ Deinterlace On ስታደርጉት ይጠፋል።

ልክ ነህ፣ ግን እያየህ ሳለ ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ ጥርሱ እንዳለ ነው። በቴሌግራም አሜሪካ ላለችው እህትህ ስትልከው ስልኳ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ዋናውን ሳይነኩ ማስቀመጥ ግን እኔም የምደግፈው ነው፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ሊመጣ ይችላል።

ከመንደራ ቆጪ፦ እኔም ጥርስ የሚመስል ነጭ ነገር አለኝ፣ ካሴቱ ላይ ጥቅሉ ዳር ዳሩን። በዚሁ ይጠፋል?

እሱስ ሻጋታ ነው እናቴ፣ የጅማ እርጥበት ሥራ። ዴክ ውስጥ እንዳታስገቢው! የዴኩን ሄድ ያቆሽሻል፣ ወደ ሌሎቹ ካሴቶችም ይዛመታል። ደረቅ ቦታ አስቀምጪው፤ ካሴት ከፍቶ ማጽዳት የሚችል ሰው እስኪገኝ ይቆይ።

ተማሪ ነኝ፦ ብናኙን ለማጥፋት የ`hqdn3d`ን ቁጥሮች 10 አደረግኳቸው። ጥርት አለ፣ ግን ሙሽራዋ ሻማ መሰለች።

ማጽጃው ብናኝና የቆዳ ዝርዝር አይለይም። ከአራቱ ቁጥሮች 1ኛውና 3ኛው የብርሃኑ ናቸው፣ 2ኛውና 4ኛው የቀለሙ። ቪኤችኤስ ቀለምን የሚይዘው በጣም በደበዘዘ ዝርዝር ስለሆነ ቀለሙን ጠንከር ብትልበት ብዙ አይጎዳም፤ ቀይና ሰማያዊ እየተንሳፈፈ የሚታየው ቆሻሻም አብዛኛው እዚያ ነው። ብርሃኑ ላይ ግን እጅህን ሰብስብ። እኔ የማየው የነጠላውን ጥለት ነው። ጥለቱ ሲሟሟ ወይም የቡናው ጭስ ዱካ ሲጎትት አልፌያለሁ ማለት ነው። ትንሽ ብናኝ ይቅር።

ከሂርማታ፦ የእኛ ሠርግ ቀለሙ ለቆ ሁሉም ሮዝ ሆኗል። ቀለሙን ስጨምርለት ባሰበት። እናቴ «ቀሚሴ ነጭ ነበር» ትላለች፣ አክስቴ «ክሬም ነበር» ትላለች።

ካሴትሽ ዋናው ነው ወይስ ከሌላ ካሴት የተገለበጠ? የቅጂ ቅጂ ከሆነ በየግልበጣው ቀለሙ ይፈሳል፤ ከዘመድ ዋናውን ፈልጊ። አለበለዚያ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ከጥቁሩ ጀምሪ። የሙሽራውን ሱፍ አይተሽ ጥላውን አውርጂ፣ ሱፉ ቀላ ካለም ከጥላው ላይ ቀይ ቀንሺ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ሮዝ እዚያው ያልቃል። ቀለም መጨመር የመጨረሻው ነው፤ ሮዙ ሳይቀነስና ብናኙ ሳይጸዳ ከጨመርሽው እነሱም አብረው ይደምቃሉ፣ የባሰብሽም ለዚያ ነው።

ቀሚሱን ግን ወረቀት እስኪመስል አታንጪው። ካሜራማኑ ማታ የሚይዘው መብራት ቢጫ ነው፣ ክፍሉ በሙሉ ቢጫ ነበር። ነጭ የሆነ ሌላ ነገር ፈልጊ፤ ስኒ ወይም የቄስ ጥምጣም። እሱ ነጭ ሲሆን ቀሚሱ የሆነውን ይሆናል።

እሷው፦ ስኒውን ነጭ አደረግኩት። ቀሚሱ ክሬም ሆነ። ለእናቴ ምን ልበላት?

እሱን እንኳ ለእኔ አትተይው።