ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰው ፍርሃት

«ሰላም ለእርስዎ። ባለቤቴ 41 ዓመቱ ነው፤ የእህልና የቅመማ ቅመም ሱቅ አለው። ሥራው ከተቀዛቀዘ ወዲህ ሳይጠጣ ቤት አይገባም። በየቀኑ አምስት ቢራ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ‹ካልጠጣሁ ጭንቀቱ ይገድለኛል› ይላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ልቡ እየመታ፣ በላብ ተጠምቆ ይነሳና እስኪነጋ ቁጭ ይላል። ቀን ቀን ይተክዛል፤ ልጆቹን እንኳ አያጫውትም። አምና ሁዳዴን ሙሉ አልጠጣም ነበር፤ ደህና ሆኖ ከረመ። ዘንድሮ ግን ባቆመ በሁለተኛው ቀን እጁ ሲንቀጠቀጥ ተመልሶ ጠጣ። በቀደም ሰክሮ ገብቶ ‹እኔ ብሞት ትገላገሉ ነበር› አለኝ። ቤተሰቦቹ ፀበል ይግባ ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥታኛለች። የሚጠጣው ስለሚጨነቅ ነው ወይስ የሚጨነቀው ስለሚጠጣ? ምን ላድርግ?»

ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ኪኒኑን ለጎረቤትሽ መልሺላት። አልኮልም የእንቅልፍ ኪኒንም አተነፋፈስን ያዘገያሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገቡ ሰው በተኛበት ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው፣ ስለ ሞት የተናገረው ነው። «ስካሩ ነው ያናገረው» ብለሽ አትለፊው። ሰው በደህና ቀን የሚሸሸው ሐሳብ ሲጠጣ ይቀርበዋል፤ «ተው» የሚለውን የውስጥ ድምፅ መጠጡ ያደክመዋል። ነገ ጠዋት፣ ሳይጠጣ፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ በቀጥታ ጠይቂው። «ያን ቀን ብሞት ያልከው ከልብህ ነው? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» በይው። ብዙ ሰው መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣበታል ብሎ ይፈራል። አያመጣበትም። ብዙዎች ሲጠየቁ ሸክሙ ይቀልላቸዋል። «አዎ» ካለሽ፣ በተለይ እንዴት እንደሚያደርገው አስቦ ከሆነ፣ ብቻውን አትተዪው። በዚያው ቀን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ሱቅ ውስጥ የአይጥ መርዝ ወይም የነቀዝ መድኃኒት ካለም መልሱን ሳትጠብቂ አውጪው።

አሁን ወደ ሌሊት 9 ሰዓት ልምጣ። ለጥያቄሽ መልሱ ያለው እዚያ ሰዓት ላይ ነው።

ባለቤትሽ ሚዛን ያውቃል። አንደኛው ሳህን ላይ ዕቃ ሲጨመር ሌላው ላይ ብረት ይጨመራል። አንጎላችንም እንዲሁ ያደርጋል። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የሚባል ኬሚካል ያበረታል፤ የሚያነቃውን ግሉታሜትን ደግሞ ያፍናል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ቢራ ላይ ትከሻው የሚላላው። እፎይታው የእውነት ነው፤ ባለቤትሽ አልዋሸሽም። ነገር ግን ይህ በየምሽቱ ሲደጋገም አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በሌላኛው ሳህን ብረት ይጭናል። ማረጋጊያውን ይቀንሳል፣ የሚያነቃውን ይጨምራል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የአንድ ጠርሙስ ቢራ አልኮል ከደም ለመውጣት በግምት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከሰው ሰው ግን ይለያያል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መጠጣት ጀመረ እንበል። አምስት ጠርሙስ በአጠቃላይ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። አልኮሉ ተሟጦ የሚያልቀው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ማለት ነው። ያኔ ዕቃው ከሚዛኑ ተነስቷል፤ ብረቱ ግን እዚያው ነው። ልብ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃል፣ «አንድ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው» የሚል ስሜት ያለ ምክንያት ይወርራል። የሱቁ ዕዳ በቀን ከሚመስለው አሥር እጥፍ ሆኖ የሚታየውም በዚህ ሰዓት ነው። ሰውዬው ይህን «ጭንቀቴ» ይለዋል። ከፊሉ የምር ጭንቀት ነው። ሌላው ከፊል ግን ማታ የጠጣው ቢራ ሲወጣ የሚመጣ ነው።

በዚያ ላይ መጠጥ ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል፤ ሕልም የምናይበትን እንቅልፍም ይቀንሳል። ይህ እንቅልፍ ስሜታችንን በመጠገን ድርሻ እንዳለው ይታሰባል። ለወራት እንዲህ ያደረ ሰው ቀን ልጆቹን ማጫወት ቢያቅተው አይገርምም። ልጆቹን መጥላቱ አይደለም፤ ደስታ የሚሰማበት ቦታ ደንዝዞበታል። ምሽት ሲሆን ደግሞ ያን ሁሉ ለጊዜው የሚያነሳለት ያው መጠጥ ነው። ስለዚህ «ሳልጠጣ ጭንቀቱ ይገድለኛል» ሲል ከራሱ ልምድ ነው የሚናገረው። ያላየው፣ የዛሬው ጭንቀት ግማሹን የትናንቱ መጠጥ መሥራቱን ነው።

አምና ሁዳዴ ደህና ሆኖ ከረመ ማለትሽ ለእኔ ትልቅ መረጃ ነው። ድብርቱን መጠጡ ብቻ ያመጣው ከሆነ፣ መጠጥ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይገፈፋል። ሃምሳ አምስት ቀን ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። አምና ሥራውም ገና አልተበላሸ ይሆናል፤ ስለዚህ ማስረጃው ሙሉ አይደለም። ሆኖም ያለ መጠጥ ደህና ሆኖ የኖረበትን ጊዜ እሱ ራሱ ያስታውሳል። ስታናግሪው ከዚያ ጀምሪ።

የዘንድሮው የእጅ መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ሰውነቱ አሁን መጠጡን ለምዷል፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ሊሆንበት ይችላል። ካቆመ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከባድ ትኩሳት ይከተል ይሆናል። ይህ ሰው ይገድላል። ስለ ፀበሉም ጭንቀቴ እዚሁ ላይ ነው። እምነቱን አልነካም። ግን ከምሽቱ አምስት ቢራ ተነስቶ በማግስቱ ሐኪም በሌለበት ቦታ ባዶ ሆድ መሰንበት የለበትም። በመጀመሪያ ሐኪም ያስቁመው፣ ከዚያ ይሂድ። የታዘዘለት መድኃኒት ካለም እዚያ ሆኖ አያቋርጥ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የሚጠጣውን ልክ ሳትቀንሱ ተናገሩ። «አልፎ አልፎ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ጎድቷል። ስንት ጠርሙስ፣ ካቲካላ ይጨምር እንደሆነ፣ ጠዋት ሀንጎቨሩን ለማስለቀቅ ይቀምስ እንደሆነ፣ ባቆመ በስንተኛው ሰዓት እጁ እንደተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ በዚህ መሠረት ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ የሚሄድ ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሊያዝለት ይችላል። ማረጋጊያው ምናልባት ጎረቤትሽ የሰጠችሽ ኪኒን ዘመድ ነው። ልዩነቱ ይህኛው በልክ፣ በክትትልና ያለ መጠጥ የሚወሰድ መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን «ዛሬውኑ ተው» ብለሽ አታስጨንቂው፤ ጠርሙስም አትደብቂ።

አንድ ነገር ቀድመሽ እወቂ። የመጀመሪያው ሳምንት ከመጠጣቱ ጊዜ የባሰ ሊመስል ይችላል። እንቅልፉ ይዛባል፣ ይነጫነጫል፣ «አየሽ፣ መጠጡ አልነበረም ችግሩ» ይልሻል። ብዙዎች የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። የተጫነው ብረት አንድ በአንድ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል። በየጠዋቱ ሁለቱን ነገር ብቻ ደብተር ላይ ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ጭንቀቱ ከአሥር ስንት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ገልጦ ያነጻጽረው።

አራት ሳምንት ሞልቶ ሐዘኑ እዚያው ካለ፣ ድብርቱ የራሱ ሥር አለው ማለት ነው። ለራሱም ሕክምና አለው፤ በንግግርም በመድኃኒትም። ያኔ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ።