😂 ወይስ 😭? የጎረቤቶቼ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር የስልክ ዕቃና ጥገና ሱቅ አለኝ። የብሎካችንን የቴሌግራም ግሩፕ የማስተዳድረውም እኔ ነኝ። ሰሞኑን በእነዚህ ሁለት ፊቶች የተነሳ ጎረቤት ከጎረቤት ሊቀያየም ምንም አልቀረው። ስለዚህ ግራ የገባው ሁሉ ይጠይቀኝ አልኩ።

«ሁለቱም እንባ አላቸው። ታዲያ በምን ልለያቸው?» (የሦስተኛ ፎቅ እናት)

እማማ፣ እንባውን ይተዉትና አፉን ይዩ። 😂 የአፉ ጥግና ጥግ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ጥርሱም ይታያል። እንባው ከዓይኑ ዳርና ዳር የወጣ ሁለት ጠብታ ብቻ ነው። ሰው እንባው እስኪመጣ ሲስቅ ማለት ነው። 😭 ግን አፉን ከፍቶ እንደሚጮህ ሕፃን ነው። እንባውም ከሁለቱም ዓይኑ እንደ ቦይ ውሃ እየወረደ ነው።

በጽሑፍ መሃል ሲገባ ያንሳል፣ ዓይን ይሸውዳል። ከተጠራጠሩ ቴሌግራም ላይ Saved Messages የሚለውን ይክፈቱ። እዚያ ለራስዎ ብቻ ነው የሚልኩት። ፊቱን ያለ ምንም ጽሑፍ አንድ ብቻውን ይላኩት። ትልቅ ሆኖ ይመጣል፣ ይንቀሳቀሳልም። ሲስቅና ሲያለቅስ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል።

«ለልቅሶ መልእክት 😂😂😂 መላክ ንቀት አይደለም እንዴ?» (የጎረቤት ልጅ፣ ወንድ)

አይደለም። ተናደሃል፣ ይገባኛል። ግን የላኩት እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፣ እኔ ስልካቸውን አይቼዋለሁ፣ የሆነውን ልንገርህ።

«አባታችን አረፉ፣ ቀብር ነገ በ6 ሰዓት» የሚለው መልእክት ማታ ነው የተለጠፈው። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ተኝተው ነበር። ስክሪናቸው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ ብርሃኑም ዝቅ ብሏል። ኪቦርዱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የምንጠቀምባቸውን ፊቶች ከፊት ይደረድራል። በስልካቸው የልጅ ልጃቸው ስለሚጽፍበት ከፊት የቆመው 😂 ነው። እንባ አዩ፣ ልቅሶ መሰላቸው፣ ሦስቴ ነኩት። በጠዋት ሱቄ መጥተው «ሰው ሰላምታ ነሳኝ፣ ምን አጠፋሁ?» ሲሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

መልእክቱን ተጭነን ያዝንና አጠፋነው። ከዚያ በጽሑፍ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልን። እሱም አልበቃቸውም፣ ነጠላቸውን ለብሰው ልቅሶ ቤት ሄዱና በአፋቸው አስረዱ። የሟች ልጅ አቅፋ ተቀበለቻቸው።

ዋትስአፕ የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስታጠፉ Delete for everyone የሚለውን ምረጡ። Delete for me ካላችሁ ከእናንተ ስልክ ብቻ ይጠፋል፣ ሐዘንተኛው ጋ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

«😂 እኮ ጊዜው አልፏል፣ አሁን ማንም አይጠቀምበትም። ሳቅ ማለት 😭 ነው።» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

ግማሹ እውነት ነው። እንዳንተ ያሉ ወጣቶች ሳቁን ወደ 😭 አዙረውታል። በአማርኛም ቢሆን «በሳቅ ሞትኩ»፣ «ገደልከኝ» እንላለን አይደል? ሳቁ ሲበዛ በሞትና በልቅሶ ነው የምንገልጸው። ስለዚህ አልገረመኝም።

«ማንም አይጠቀምበትም» ያልከው ግን ልክ አይደለም። 😂 በ2015 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ተብሎ ተመርጦ ነበር። በ2021 ደግሞ የኢሞጂዎችን ዝርዝር የሚወስነው ዩኒኮድ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የተላከው እሱ ነው ብሏል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የሚያነበውን ሰው አስብ። ለጓደኛህ 😭 ሳቅ ነው። ለአክስትህ ከላክህ ግን «ልጄ ምን ሆነብኝ» ብላ ትደውላለች።

«ልጄ ከጓደኛዋ ጋር ስትጻጻፍ 😭😭😭 ታበዛለች። የሚያስለቅሳት ነገር ይኖር ይሆን?» (አባት፣ ከኮዬ ፈጬ)

ጋሼ፣ ከፊቱ የተጻፈውን ይዩ። «ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ብዬ ጮኬ ሳልወርድ ቀረሁ 😭😭😭» ከሆነ በሳቅ ፍርስ ብላለች። ጓደኛዋም «ኸረ በናትሽ 😭» ብላ ከመለሰች አብረው እየሳቁ ነው። የሚያሳስበው አጭር ሲሆን ነው። «ደክሞኛል 😭» ብላ ዝም ካለች፣ ጓደኛዋም «ምን ሆንሽ?» ካለቻት ሳቅ አይደለም። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። ስልኳን ከመፈተሽ እራት ላይ እሷኑ መጠየቅ ይሻላል።

«የእኔ ስልክ ፊቱን አያሳየኝም። ባዶ ሳጥን ነው የሚመጣብኝ።» (ጥበቃ ሠራተኛ)

ወንድሜ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን ልመልስልህ። 😂 እና 😭 ሁለቱም በ2010 የገቡ ስለሆኑ አሮጌ ስልክም ያሳያቸዋል። ሳጥን የሚሆንብህ እንደ 🥹 ያለው፣ እንባውን የያዘው ፊት ነው። በ2021 የመጣ ነው። የስልክህ ሲስተም ካልታደሰ አያውቀውም። ሱቅ ብቅ በል፣ እናየዋለን።

«ዓይነ ስውር ነኝ። ስልኬ የመጀመሪያውን የደስታ እንባ ያለው ፊት ብሎ በእንግሊዝኛ ያነብልኛል። እህቴ ስትመረቅ እሱን ላኩላት። ተሳሳትኩ?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ስሙን አምነህ ነው የላክኸው። ስሙ ነው የሚያሳስተው። Face with Tears of Joy ይባላል፣ ሰው የሚያውቀው ግን በሳቅ ነው። «ተመረቅኩ» ላለች እህት 😂 ስትልክ «ምን ያስቃል?» ልትል ትችላለች። እናት ልጇ ጥቁር ጋዋን ለብሳ ስታያት የምታነባው እንባ 😭 ነው። ስልክህ Loudly crying face ብሎ የሚያነበው እሱ ነው። ሆኖም ብቻውን አትላከው። «እንኳን ደስ አለሽ» ከፊቱ ካለ ማንም አይሳሳትም። ሳጥኑ የማይመጣባት ከሆነ 🥹 ደግሞ ከሁለቱም የተሻለ ነው።

«ውሃ ከጠፋ ስምንተኛ ቀናችን 😂 ብዬ ብጽፍ ማንም አልመለሰልኝም።» (የአምስተኛ ፎቅ ነዋሪ)

የምሬት ሳቅ እንደሆነ እኛ ጎረቤቶችሽ ገብቶናል። ኮሚቴው ግን ቀልድ መስሎት አለፈው፣ ጠይቄያቸዋለሁ። መፍትሔ ለምትፈልጊበት ነገር ሁለቱንም ፊት ተይ። ብሎኩን፣ ቀኑን፣ ስንት ቤት እንደሆነ ጻፊ።

«በትክክል 😭 ቢላክስ? ለሞት መልእክት ፊት መላክ በራሱ ያስነውራል።» (የእድራችን ዳኛ)

ጋሼ፣ በዚህ ላይ እኔም አልቆረጥኩም። ያቺኑ ሐዘንተኛ ጠየቅኳት። ከአረብ አገር የምትኖር እህቷ ሌሊት 😭 ብቻ ልካላት ስትመለከተው እንዳደረች፣ ቃል ቢሆን ኖሮ እንደማታነበው ነገረችኝ። እናቷ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። «ደውላ ድምጿን ብታሰማኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ።