ቅቤ የነበረበትን ፀጉር ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት

«ጆሮ ግንዴ አካባቢ ሽበት ወጥቶብኝ ለጥምቀት ጥቁር ቀለም ልቀባ ነው። አንዷ ጓደኛዬ ሳትታጠቢ ተቀቢ አለችኝ፣ ሌላዋ ታጥበሽ። አሁን ሹሩባ ተሠርቼ ቅቤ አድርጌያለሁ። ባለፈው ስቀባ ራሴን አቃጥሎኝ ነበር፣ ግንባሬም ለቀናት ጠቁሮ ቆየ። ምን ላድርግ?» (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

እህቴ፣ «አትታጠቢ» የሚባለው ለዚያው ቀን ነው። የራስ ቆዳ የራሱ ቅባት አለው፤ ስስ ቢሆንም ከቀለሙ ይከልለዋል። በቋሚ ቀለም ውስጥ ብዙ ጊዜ አሞኒያና ፐሮክሳይድ አለ። አሁኑኑ ታጥቦ፣ በጥፍር ታክኮ የቀላ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል።

ቅቤ ግን ሌላ ነገር ነው። ፀጉሩን ስለሚሸፍነው ቀለሙ ውስጥ መግባት ያቅተዋል፣ አንዱ ጋ ይይዛል አንዱን ይዘላል። ሽበት ደግሞ ያለ ቅቤውም ቀለም ቶሎ አይቀበልም። አንድ ደንበኛዬ ቅቤዋን ጠዋት በልብስ ሳሙና አሽታ አጥባ ከሰዓት መጣች። ንጹሕ መስሎኝ ቀባኋት። ቆዳዋ ተቃጠለ፣ ሥሩ ላይ ያለው ሽበትም እንደነበረ ቀረ፤ ቅቤው ከሥሩ አልወጣም ነበርና። ከዚያ ወዲህ በታጠበችበት ቀን የመጣችን ሴት አልቀባም።

ስለዚህ ቅዳሜ ልትቀቢ ከሆነ ሹሩባውን ረቡዕ ፍቺው። ሲጎተት የከረመ ቆዳ ማረፍ አለበት። ስትፈቺ ቆዳሽን በወስፌም በማበጠሪያ ጫፍም እንዳትቧጭሪ። ሐሙስ ታጠቢ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ በጎንደር የጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ቅቤው ይረጋና ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መጀመሪያ በሶፍት ጨምቀሽ የሚወጣውን አውጪ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ ካስፈለገም ሦስት ጊዜ በሻምፖ፣ በጣትሽ ሥጋ እንጂ በጥፍር ሳይሆን። ሲደርቅ ከሥሩ አንድ ዘለላ ያዥና በንጹሕ ሶፍት ጨመቅ አድርጊው። ሶፍቱ ላይ የቅባት ምልክት ከታየ ገና ነው፣ ያኔውኑ ድገሚው። ከዚያ በኋላ እስክትቀቢ ቅቤም ዘይትም አይነካው። አርብና ቅዳሜ አትታጠቢ። የቀለሙ ካርቶን ሌላ ካላለ ደረቅ ፀጉር ላይ ተቀቢ፤ እርጥብ ከሆነ ቀለሙ ይቀጥናል፣ ወደ ግንባርም ይወርዳል።

ሐሙስ ዕለት ሌላም ሥራ አለሽ። ባለፈው «አቃጠለኝ» ያልሽው ነገር ምን ዓይነት ነበር? እዚያው ለብልቦሽ ስትታጠቢው ከተወሽ ቆዳሽ ስለተቆጣ ሊሆን ይችላል። ግን በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ካሳከከሽ ወይም ዓይንሽ ዙሪያ ካበጠ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀለሙን ፈጽሞ እንዳትነኪው፣ ቤትም አትሞክሪው፣ የቆዳ ሐኪም ይይሽ። ብዙዎቹ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ለዓመታት የተስማማው ሰው ላይ እንኳ አለርጂው አንድ ቀን ሊነሳ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካልነበረ፣ በካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ትንሽ ጠብታ ክንድሽ መታጠፊያ ውስጥ ቀቢና 48 ሰዓት ጠብቂ። ከቀላ ወይም ካሳከከሽ ታጠቢው፣ ቀለሙንም ተይው። ራስሽ ላይ ቁስል ወይም ጭርት ካለም እስኪድን ይቆይ፣ ጥምቀት ቢያልፍም።

የግንባሩ ነገር በቫዝሊን ይፈታል። ብዙ ሰው ግን ቫዝሊኑን ፀጉሩ ላይ ጭምር ይለቀልቀውና ጆሮ ግንድ ላይ ያለው ሽበት ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ያንቺም ሽበት ያለው እዚያው ነው። መጀመሪያ ፀጉርሽን ወደኋላ አበጥረሽ ያዢው። ከዚያ ቫዝሊኑን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ከፀጉሩ መነሻ በታች ባለው ቆዳ ላይ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ቀቢ። ቫዝሊን በነካ ጣትሽ ፀጉር እንዳትነኪ። ጆሮሽን ከላይም ከኋላም፣ ማጅራትሽንም አትርሺ። በፀጉሩ መነሻ ላይ ያሉትን ስስ ፀጉሮች በመጨረሻ በትንሽ ብሩሽ ቀለም አስነኪያቸው። ቆዳ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በእርጥብ ጥጥ ጥረጊ፣ ከደረቀ ነው የሚያስቸግረው። ጓንት አድርጊ፣ ቅንድብሽ ላይ ደግሞ በፍጹም እንዳትሞክሪው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥቂት ጥቁረት ከቀረ ዘይት ቀብተሽ ቀስ ብለሽ እሺውና በሳሙና ታጠቢው። በረኪናና ሎሚ አይነካሽ። የተረፈው በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይለቃል።