መጽሐፍ ቅዱስ በእጄ ካለ አስተማሪ ለምን ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎት። የጉተንበርግ ማተሚያ ባይኖር ተሐድሶ አይታሰብም ነበር ሲባል እሰማለሁ። ማተሚያው መጽሐፍ ቅዱስን በቋንቋው ለሕዝቡ ሰጠ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አማኝ አስተማሪ አያስፈልገውም ይላሉ ጓደኞቼ። እኔም ስልኬ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ስላለኝ የረቡዕ ጥናት መምጣት ትቻለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። አዎ፣ ተሳስተሃል። ግን ብቻህን አይደለህም። እኛ ወንጌላውያን ይህን ታሪክ ስንተርክ ማተሚያውን ሐዋርያ እናደርገዋለን። ይህን ስብከት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርህም። ሐቁ ግን ሌላ ነው።

ማተሚያ የሰጡትን ያትማል። በጀርመን አገር፣ በማይንዝ ከተማ፣ በተንቀሳቃሽ ፊደል ከታተሙት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች መካከል የስርየት ወረቀቶች አሉ። ገንዘብ ለሰጠ ሰው የኃጢአቱ ቅጣት እንደሚቀርለት የሚመሰክሩ ወረቀቶች ናቸው። 1454 እና 1455 የሚል ዓመት ታትሞባቸዋል (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅስልህ)። ወረቀቱን ለሚገዛው ሰው ስም ባዶ ቦታ ተትቷል፤ ጸሐፊው በእጁ ይሞላዋል፤ አለቀ። ዛሬ ቢሮ ውስጥ እንደምንሞላው ፎርም ማለት ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሉተር የተቃወመው ንግድ፣ ከእሱ በፊት ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር።

ሁለተኛውና ዋናው ስህተት ደግሞ ይኸውልህ። «ከሉተር በፊት ጀርመኖች በቋንቋቸው መጽሐፍ ቅዱስ አልነበራቸውም» ይባላል። ነበራቸው። በ1466 ዮሐን ሜንቴሊን የተባለ አታሚ በስትራስቡርግ ሙሉውን በጀርመንኛ አትሟል። ሉተር እስኪነሣ ድረስ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በጀርመንኛ 18 ጊዜ ታትሟል። 18 ጊዜ! ታዲያ ተሐድሶ ያኔ ለምን አልመጣም? ማተሚያው ነበር፤ የሕዝቡ ቋንቋም ነበር።

የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የሜንቴሊን ትርጉም ያኔውኑ ከመቶ ዓመት በላይ ያረጀ ነበር፤ የተተረጎመውም ከላቲን ነው። ላቲኑን ቃል በቃል ስለሚከተል ጀርመናዊ እንዲህ አይናገርም የሚያሰኝ ዓረፍተ ነገር ሞልቶበታል። ትልቅና ውድ መጽሐፍ ስለሆነ ተራው ሰው ቤት የሚገባም አልነበረም። ከሁሉ በላይ ግን፣ አንባቢው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት የሚነግረው አልነበረም።

አሁን 1522ን እንይ። ሉተር በዋርትቡርግ ግንብ ተደብቆ ሳለ አዲስ ኪዳንን በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ተረጎመ። መነሻው ኢራስመስ የተባለ ምሁር ያሳተመው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን ነው። ልብ በል፣ ያም መጽሐፍ የማተሚያ ውጤት ነው። ወደ ዊተንበርግ ሲመለስ ግን ረቂቁን በቀጥታ ለአታሚ አልሰጠም። ግሪክኛ አዋቂው ሜላንክቶን አብሮት ተቀመጠና አረሙት። ራእይ 21 ላይ ያሉት የከበሩ ድንጋዮች ሲያስቸግሩት፣ ሉተርን በሚጠብቀው በመስፍን ፍሬድሪክ ግቢ ለነበረው ለስፓላቲን ጻፈ፤ ስማቸውን፣ ቀለማቸውን፣ መልካቸውን ንገረኝ አለው። አየህ፣ ትልቁ ሉተር እንኳ ብቻውን አልሠራውም።

ከዚያ ፊደል ለቃሚዎቹ ተቀመጡ። ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩትን ፊደሎች አንድ በአንድ፣ ተገልብጠው እንደሚታዩ አድርገው፣ በመስመር ይደረድራሉ። ገጹ ይታሰራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይጫንበታል። በሜልኪዮር ሎተር ማተሚያ ቤት በሐምሌ ሦስት መጫኛዎች በአንድ ጊዜ ይሠሩ ነበር። በመስከረም መጽሐፉ ወጣ። በሽፋኑ ላይ የተርጓሚው ስም የለም። «አዲስ ኪዳን በጀርመንኛ፣ ዊተንበርግ» ይላል፤ በቃ። በብዙ ሺህ የሚገመተው እትም ቶሎ አለቀና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ታርሞ እንደገና ታተመ።

የማተሚያውን ኃይል አልክድም። በእጅ ቢገለበጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመታት በፈጀ። ግን ማተሚያ ለጸሐፊው አይታዘዝም። በባዝል ከተማ አዳም ፔትሪ የተባለ አታሚ መጽሐፉን ሉተርን ሳያስፈቅድ አትሞ ሸጠው። የደቡብ ሰዎች የሉተርን ምሥራቃዊ ጀርመንኛ ሁሉ እንደማይረዱ ሲያይ፣ በ1523 የቃላት መፍቻ ጨመረበት። ይኼ ጥሩ ሥራ ነው። የሳክሶኒው መስፍን ጌዎርግ ደግሞ መጽሐፉን ከለከለ፤ የእሱ ሰው ኤምዘር በ1527 «የታረመ» አዲስ ኪዳን አወጣ። አብዛኛው የሉተር ቃል ነበር፤ ከላቲኑ ጋር እንዲስማማ ብቻ እዚህም እዚያም ነካክቶታል። ሉተር በጣም ተናደደ። ግን ምን ያደርጋል? ያው የእርሳስ ፊደል ለሁለቱም ይሠራል።

ስህተትንም ያባዛል። በ1548 እና 49 የእኛው አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ውስጥ አዲስ ኪዳንን በግእዝ ሲያሳትሙ፣ አታሚዎቹ ግእዝ አያነቡም ነበር፣ እሳቸውም የኅትመት ሙያ አያውቁም ነበር። ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን ብለው አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔ ይህን ትሕትና እወደዋለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ያንን የ1522 መጽሐፍ ብትገልጠው፣ ሉተር አንባቢውን ብቻውን አልተወውም። በየመጻሕፍቱ መግቢያ አለ፣ በኅዳጉ ማብራሪያ አለ። በሮሜ መግቢያ ላይ መጀመሪያ ሕግ ምን እንደሆነ፣ ኃጢአት፣ ጸጋ፣ እምነት፣ ጽድቅ ምን እንደሆኑ ያስረዳል። እነዚህን ሳያውቁ ማንበብ አይጠቅምም ይላል። «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ያለው ሰው ነው ይህን ያደረገው። «ብቻ» ሲል ፍርዱ የመጽሐፉ ነው ማለቱ እንጂ፣ ሰው ሁሉ በየጓዳው ይግባ ማለቱ አልነበረም። ደግሞም አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ አይችልም ነበር። አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ። የታተመው ቃል ወደ ሕዝቡ የደረሰው በዚህ ዓይነት ጉባኤ ነው። አንተ የተውከው የረቡዕ ዓይነት ማለት ነው።

የሐዋርያት ሥራ 8ን ታውቀዋለህ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መጽሐፉ በእጁ ነበር፤ ማንበብም ይችል ነበር፤ ሠረገላ ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። በዚያ መልስ ውስጥ ኀፍረት የለም። ፊልጶስም መጽሐፉን አልነጠቀውም፤ ከዚያው ምዕራፍ ጀምሮ ነው ኢየሱስን የሰበከለት። አስተማሪም መጽሐፉን ዘግቶ «እኔን ብቻ ስማ» ካለህ ተነሥተህ ሂድ። እሱ ላይ ከጓደኞችህ ጋር ነኝ።

ስልክህን አትጣለው፤ እኔም በስልኬ ነው የማነበው። ግን ስልክህ መጽሐፍ ቅዱስን እንደያዘ ሁሉ፣ በዚያው ጣትህ የምትከፍተው የሐሰት ነቢይ ቪዲዮም አለበት። ማይንዝ ላይ ያየነው ነገር ነው።

ረቡዕ ሮሜ 3ን እንጀምራለን። ከዚያ በፊት መልእክቱን ሙሉውን ጮክ ብለህ አንብበው። ያልገባህን ጻፈውና ይዘህ ና። ጓደኞችህንም አምጣቸው፤ ከእኔ ጋር ለመከራከር ከፈለጉም ቦታ አለ።