ወንድምሽ ፈታኝሽ አይደለም

«ለሥራ ፈተና የዕቃ ማድረስ ሠንጠረዥ ሰጡኝ፤ ከረቂቄ ጋር አያይዤዋለሁ። 12 ቅርንጫፎች አሉት፣ ለእያንዳንዱ 8 ቁጥር። በአንድ ስላይድ፣ በ5 ደቂቃ አቅርቢ ተብያለሁ። የኤክሴል ኮርስ የከፈለልኝ ወንድሜ "ሁሉንም አስገቢው፣ ከቀነስሽ ያልሠራሽ ይመስላቸዋል" ይላል። እኔ ግን ፊደሉ ለራሴም አይነበበኝም። የስላይድ ዲዛይን ኮርስ ልጨምር? ንግግሬንስ በቃሌ ላጥናው? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድምሽ ስለከፈለልሽ ምስጋና ይገባዋል። ስላይዱ ላይ ግን ድምፅ የለውም። 96 ቁጥር የደረደረ ሰው፣ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ያቃተው ነው የሚመስለው። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዓመታት ያሳለፍኩት ሪፖርት ክፍል ነው። አንዴ ሙሉ ሠንጠረዥ ለጥፌ ስገባ አለቃዬ ዓይኑን አጥብቦ አየና «እሺ፣ ምን ላድርግ ታዲያ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ፓወርፖይንትን ገና አትክፈቺ። ሥራው ያለው ኤክሴል ላይ ነው። የዘገየውን በመቶ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪው። አናት ላይ የሚወጣው ቅርንጫፍ 11 ነው፣ 25 በመቶ። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳትና እሱን ያደምቃል። ትዕዛዙን እዪው እስቲ፦ 20 ብቻ ነው፣ የዘገየው 5። ሁለቱ በጊዜያቸው ቢደርሱ ኖሮ 15 በመቶ ይሆን ነበር። ቅርንጫፍ 7 ግን ከ1,250 ትዕዛዝ 225 አዘግይቷል። ከሱ ላይ ሁለት ብትቀንሺ 18 በመቶው ንቅንቅ አይልም። ከጠቅላላው ትዕዛዝ አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ይዞ፣ ከዘገየው ዕቃ ከሩብ በላዩ የሱ ነው። የምታደምቂው ረድፍ ይሄ ነው።

አሁን ቀሪዎቹን 10 ቅርንጫፎች በአንድ ረድፍ ጠቅልያቸው። ረቂቅሽ ላይ የ10ሩን በመቶ ደምረሽ ለ10 አካፍለሽ 6.4 ጽፈሻል። ይሄ ስህተት ነው። 300 ትዕዛዝ ያለው ቅርንጫፍ 3,000 ካለው እኩል ይመዝናል ማለት ነው። የዘገየውን በሙሉ ደምሪ፣ ለትዕዛዙ ድምር አካፍዪ፦ 550 ለ11,000፣ 5 በመቶ። ከ10ሩ ከፍተኛው 9 በመቶ ስለሆነ መጠቅለሉ የሚደብቀው ነገር የለም። አንዱ 16 ቢሆን ኖሮ ለብቻው እንዲወጣ እነግርሽ ነበር።

የሚቀረው ይህ ነው፦

| ቅርንጫፍ | ትዕዛዝ | የዘገየ በመቶ |
|---|---:|---:|
| 7 | 1,250 | 18 |
| 11 | 20 | 25 |
| ሌሎቹ 10 | 11,000 | 5 |

11ን አታውጪው። ካወጣሽው አንዱ ፈታኝ ሙሉውን ሠንጠረዥ አይቶ «25ቱ የት ሄደ?» ይልሻል። የትዕዛዙ ቁጥር አጠገቡ ስላለ መልሱ እዚያው ይታያል።

የስላይዱ ርዕስ «የማድረስ አፈጻጸም» አይሁን፤ ይሄ የፋይል ስም ነው። «ቅርንጫፍ 7 ከሚያደርሰው ዕቃ 18 በመቶው ይዘገያል፤ የሌሎቹ 5 በመቶ ነው» በዪ። ቁጥሮቹን ወደ ቀኝ አስጠጊ፣ አሃድ ከአሃድ ሥር እንዲውል። የሳጥኑን መስመሮች አጥፊና ከራስጌው ሥር አንድ ቀጭን ብቻ ተዪ። የ7ን ረድፍ በደማቅ ጽሑፍና በአንድ ቀለም ለዪው፣ የቀረው ግራጫ ይሁን። ግራጫውን ግን አታሳሺው፣ ፕሮጀክተር ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ቀይና አረንጓዴን አታፎካክሪ፣ ሁለቱን መለየት የሚቸግረው ሰው አይጠፋም። ሦስት ረድፍ ስለሆነ ፊደሉ 24 ነጥብ ያለ ችግር ይገባል።

ከዚያ ስላይዱን ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሰው 5 ሰከንድ አሳይተሽ ዝጊው። «ምን አየህ?» በዪው። «ሰባት ቁጥር ይዘገያል» ካለ ጨርሰሻል። «ሠንጠረዥ» ካለ የሚቀነስ ነገር አለ። ወንድምሽ ለዚህ ይሆናል፣ ይፈተሽበት።

የዲዛይን ኮርሱን ተዪው፣ ገንዘብሽን አስቀምጪ። ንግግሩንም አታጥኚ፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዢ፣ እሱም ርዕሱ ነው።

ሙሉው ሠንጠረዥ አይጣል። መጨረሻ ላይ አባሪ ስላይድ አድርጊው። ስታቀርቢ አንድ ሰው ስለ ሌላ ቅርንጫፍ ከጠየቀሽ የአባሪውን ቁጥር ጽፈሽ Enter ስትጫኚ በቀጥታ ይከፈታል። ብቻ ሠንጠረዡን እንደ ኤክሴል ዕቃ አታስገቢው። እንደዚያ ከገባ ሙሉው የኤክሴል ፋይል፣ የደበቅሽው ሉህ ሳይቀር፣ አብሮ ይጓዛል። እንደ ተራ ሠንጠረዥ ለጥፊው።